አንድ ትዝብት፣ ሁለት መልስ፦ ሳይንሳዊ ሥራ አመራርና የሰብአዊ ግንኙነት ንድፈ ሐሳብ

የሥራ አመራር አስተሳሰብ ዕድገት በክፍል ውስጥ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የትውልድ ቆጠራ ይመስላል፤ የሳይንሳዊ ሥራ አመራሩ ቴይለር ይነሣል፣ የሰብአዊ ግንኙነቱ ሜዮ ይከተላል፣ ኋለኛውም የፊተኛውን ስሕተት አርሞ እንዳለፈ ተደርጎ ይተረካል። በዚህ አተራረክ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሁለቱም የተነሡት ከአንድ ትዝብት ነው፦ ሠራተኛ መሥራት የሚችለውን ያህል አይሠራም። የተለያዩት ለምን እንደማይሠራ በሰጡት መልስ ነው።

ፍሬድሪክ ቴይለር (1856–1915) በፊላዴልፊያ በሚድቬል የብረት ፋብሪካ ከተራ ሠራተኛነት ተነሥቶ አለቃ እስኪሆን ድረስ፣ የሥራ ጓደኞቹ ሆን ብለው ሥራ ሲያጓትቱ በዓይኑ አይቷል። ነገሩ ስንፍና ብቻ እንዳልነበረም ያውቃል፤ ሠራተኛው ብዙ ባመረተ ቁጥር አሠሪው የአንዱን ዕቃ ክፍያ ስለሚቀንስበት፣ ማጓተቱ ራስን መከላከያ ነበር። መፍትሔው ግምትን በልኬት መተካት ሆነ፦ ሥራውን በእንቅስቃሴ መከፋፈል፣ እያንዳንዱን በሰዓት መለካት፣ የተሻለውን አሠራር ማስተማር፣ ታርጌቱን ለሚያሟላ ከፍ ያለ ደመወዝ መክፈል። በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ አንድ ጫኝ በቀን የሚጭነው ብረት ከ12 ቶን ተኩል ወደ 47 ቶን ተኩል፣ ደመወዙም ከ1.15 ወደ 1.85 ዶላር እንዳደገ በ1911 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ጽፏል። ይህን ትረካ ኋላ የመረመሩት የታሪክ ተመራማሪዎች ተጠራጥረውታል፤ ትረካው እንዳለ ቢወሰድ እንኳ ምርቱ አራት እጥፍ ሊሞላ ሲቃረብ ክፍያው የጨመረው በ60 በመቶ ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። በዚያው ዓመት በዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ሰዓት ተይዞባቸው መለካታቸውን በመቃወም ሥራ አቁመዋል።

በቃሊቲ ዳርቻ ባለ አንድ የስፌት ፋብሪካ የላይን ሱፐርቫይዘር ሆኜ በሠራሁበት ጊዜ ታርጌቱና የተመረተው ቁጥር በየሰዓቱ በነጭ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ ነበር። ኪስ የምትሰፋ አንዲት ኦፕሬተር በሰዓት 60 ኪስ ታስረክባለች፤ እጇን ላየ ግን 75 እንደማያቅታት ግልጽ ነው። የተረፋትን አስራ ከማሽኑ ሥር፣ ከእግሯ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃት፣ «ወንድሜ፣ ዛሬ ሰባ አምስት ካየህ ነገም ሰባ አምስት ነው የምትለኝ፤ አጠገቤ ያለችው ልጅስ ምን ትሁን?» አለችኝ። የንግግሯን የመጀመሪያ ግማሽ ቴይለር ቢሰማው ወዲያው ይረዳው ነበር። ሁለተኛውን ግማሽ ግን መበተን ያለበት የቡድን ተጽዕኖ አድርጎ ነበር የሚያየው።

ያንን ሁለተኛ ግማሽ የፈተሸው በቺካጎ አቅራቢያ በሆቶርን ፋብሪካ የተካሄደው ጥናት ነው። ጥናቱ በ1924 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ብርሃን ምርትን ይጨምራል ወይ በሚል የመሐንዲስ ጥያቄ፣ ማለትም በቴይለር መንፈስ ነበር፤ የተገኘው ውጤት ከብርሃኑ ጋር አልገጥም ስላለ ጥያቄው ራሱ ተቀየረ። ከ1927 ጀምሮ ሪሌ የተባለውን የስልክ መሣሪያ ክፍል የሚገጣጥሙ አምስት ሴቶች በተለየ ክፍል ተቀምጠው ዕረፍትና የሥራ ሰዓት ሲቀያየርላቸው ምርታቸው ባብዛኛው እያደገ ሄደ። ኤልተን ሜዮና ባልደረቦቹ ይህን በትኩረት፣ በመደመጥና በቡድን መንፈስ ተረጎሙት። ትርጓሜው እንከን አለው፤ የሴቶቹ ክፍያ በትንሹ ቡድን ምርት እንዲሰላ ተደርጎ ነበር፣ ከአምስቱም ሁለቱ ወሬ አበዙ ተብለው በሌሎች ተተክተዋል። መደመጥ ያመጣው ለውጥ ነው ለማለት ይህ ያስቸግራል።

ይበልጥ የሚያሳምነኝ በዚያው በሆቶርን በ1931 እና 1932 የተጠናው የ14 ወንዶች ክፍል ነው። እዚያ የቀን ምርትን የሚወስነው ሠራተኞቹ በመካከላቸው ያቆሙት ልክ እንጂ የመሐንዲሱ ቁጥር አልነበረም፤ ከልኩ ያለፈውን ጓደኞቹ ክንዱን በቡጢ ይመቱታል፣ ከልኩ ያነሰም ይነቀፋል። የቡድን ማበረታቻ ክፍያ እያለ እንኳ ልኩ አልተነቃነቀም። ቴይለር ከአሥርተ ዓመታት በፊት ያየው ማጓተት ይኸው ነው፤ እርሱ እያንዳንዱን በተናጠል በገንዘብ ከቡድኑ ለመለየት ሲሞክር፣ የሆቶርን አጥኚዎች ቡድኑ ራሱ ሕግና ጠባቂ ያለው ማኅበር መሆኑን መዘገቡ። ሆኖም ሜዮ የሠራተኛውን ሥጋት ከስሌት ይልቅ የስሜት ጉዳይ ማድረጉ፣ በእኔ ግምት፣ ከቴይለር ወደ ኋላ የተመለሰበት ነጥብ ነው፤ የክፍያ ቅነሳ ፍርሃት በማዳመጥ ብቻ የሚጠፋ የስሜት ችግር አይደለም።

በእኛም ፋብሪካ አስተዳደሩ ግንኙነት ይሻሻል ብሎ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቡና እንዲፈላ ፈቀደ። ሣሩ ተጎዝጉዞ፣ ፈንዲሻው ተበትኖ፣ ኦፕሬተሮቹ ከልባቸው ሲስቁ ነበር። ሰሌዳው ላይ ያለው ታርጌት በማን፣ በምን ተሰልቶ እንደሚቀየር ግን አልተነገራቸውም። ሰኞ ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳይ እስር ኪሶቹ ከማሽኑ ሥር እንደነበሩ ናቸው።