የቆርኪ ብር ገበያ፦ ለአንደኛ ክፍል ሒሳብ

ቡሬ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ። ዴስኮቹ ወደ ግድግዳ ተጠግተዋል፤ ሻጮች መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው ተቀምጠዋል።

አንድ ቆርኪ 1 ብር ነው። ባለ 5 እና ባለ 10 ብር ከካርቶን ተቆርጦ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፎበታል። ድንች፣ ሎሚና ቃሪያ ልጆቹ ከቤት ያመጡት ነው። ድንች መደቡ 4 ብር፣ ሎሚ 3፣ ቃሪያ 2። «እናቴ በዚህ ዋጋ አትገዛም!» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። «ይሄ የኛ ገበያ ነው» ብሎ ማለፍ ነው።

ገዢ፦ እንደምን አደርሽ እታለም? ድንቹ ስንት ነው?

ሻጭ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። መደቡ 4 ብር።

ገዢ፦ ሎሚውስ?

ሻጭ፦ 3 ብር።

ገዢ፦ ቀንሺልኝ እንጂ!

ሻጭ፦ አይቀነስም። አንድ ሎሚ ግን እመርቅልሃለሁ።

(የተመረቀው ሎሚ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። እዚህ ላይ ሁሌም ክርክር ይነሳል፤ ይከራከሩ።)

ገዢ፦ ሁለቱንም ስጪኝ። ስንት ሆነ?

(መምህሩ ክፍሉን ይጠይቃል። ሻጯ ከድንቹ አጠገብ 4፣ ከሎሚው አጠገብ 3 ቆርኪ ትደረድራለች። ከ1 አትጀምርም። 4ን ትይዝና «5፣ 6፣ 7» ትላለች።)

ሻጭ፦ 7 ብር።

ገዢ፦ ይኸው 10።

(«10 ሲቀነስ 7» ቢባሉ ብዙዎቹ ጣታቸው ይጠፋባቸዋል። የገበያ ሴቶች እንደሚያደርጉት ከዋጋው ተነስቶ ወደ ላይ መቁጠር ይቀላል።)

ሻጭ፦ (ዕቃውን እያስረከበች) 7 የዕቃው። (ቆርኪ በቆርኪ) 8፣ 9፣ 10። መልስህን ያዝ ወንድምዓለም።

ገዢ፦ 1፣ 2፣ 3። ልክ ነው!

አሁን መምህሩ ለቃሪያ ሻጩ በጆሮው «መልስ አሳስት» ይለዋል። ለሌላ ማንም አይነገርም።

ገዢ፦ አንድ መደብ ቃሪያ ስጠኝ። ይኸው 5 ብር።

ሻጭ፦ (ሁለት ቆርኪ ብቻ ይሰጣታል) መልስሽ።

ገዢ፦ ቆይ፣ ቆይ። 2 የቃሪያው፣ 3፣ 4… 5 የት አለ?

ሻጭ፦ ውይ! ተሳስቼ ነው። እንቺ።

(ገዢዋ ዝም ብላ ብትሄድ ክፍሉ «ተበላሽ!» ብሎ ይጮኻል። እሷም ተመልሳ ትቆጥራለች።)

የመጨረሻው ገዢ አንድ መደብ ሎሚ ይዞ 10 ብር ይዘረጋል። ሻጯ ቆርኪ ጨርሳለች።

ሻጭ፦ ዝርዝር የለኝም። ቆይ ከጎረቤት ላስዘርዝር።

ጎረቤት፦ ይኸው አንድ ባለ 5፣ አምስት ቆርኪ።

ሻጭ፦ አንድ ሰጥቼ ስድስት ተቀበልኩ! ተጠቀምኩ!

ጎረቤት፦ እስቲ ቁጠሪው።

ሻጭ፦ 5… 6፣ 7፣ 8፣ 9፣ 10። ኧረ ያው ነው!