ማስታወቂያው የሚያናግረው ልጁን ነው፤ ከፋዩ ግን ወላጅ ነው

በካናዳዋ ኩቤክ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የንግድ ማስታወቂያ መሥራት ክልክል ነው። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ኧርዊን ቶይ የተባለ የቶሮንቶ አሻንጉሊት አምራች ሐሳብን የመግለጽ መብቴን ይነካል ብሎ ከሰሰ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1989 ኩባንያው ተረታ፤ ግን 3 ለ2 በሆነ ድምፅ ነው። አምስት ዳኞች አንድ መዝገብ መርምረው ሁለቱ በሕጉ አልተስማሙም። ስለዚህ «ይሄማ ግልጽ ነው» ብሎ ወደ ድምዳሜ መሮጥ አይገባም።

የኩባንያውን ወገን በደንብ እንስማው። አንደኛ፣ ምርቱ ሕጋዊ ነው። መሸጥ የተፈቀደን ነገር «አለኝ» ማለት ለምን ይከለከላል? ሁለተኛ፣ ልጅ ብር የለውም። የሚገዛው ወላጅ ነው፤ እምቢ የማለት ሥልጣንም የእሱ ነው። መንግሥት በዚህ መሃል ከገባ የወላጅን ቦታ ይወስዳል። አሜሪካ ውስጥ የንግድ ኮሚሽኑ በ1978 ለትንንሽ ልጆች የሚሠራ የቴሌቪዥን ማስታወቂያን ለማገድ ሲነሣ የገጠመው ተቃውሞ ይኸው ነበር። በ1980 ምክር ቤቱ የኮሚሽኑን ሥልጣን ራሱን ቆረጠው። ሦስተኛ፣ ልጁ ነገ የሚኖረው ገበያ ውስጥ ነው። ማስታወቂያ ሳያይ ያደገ ልጅ ማስታወቂያን መጠርጠር ከየት ይማራል? አራተኛው ለእኔ ከሁሉም ይከብዳል። የልጆች ፕሮግራም ገንዘብ ይፈልጋል። ስፖንሰር ሲሄድ መጀመሪያ የሚታጠፈው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በአማርኛ የሚሠራው የልጆች ዝግጅት ራሱ ስንት ነውና?

ሌላው ወገን የሚነሣው ከልጁ አእምሮ ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ግብረ ኃይል በ2004 ያቀረበው ሪፖርት፣ ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያ ሊያሳምናቸው የተሠራ መሆኑን እንደማይረዱ ገልጾ እነሱን ያነጣጠረ ማስታወቂያ እንዲገደብ ጠይቋል። ማስታወቂያውን ከፕሮግራሙ ይለዩት ይሆናል። ሰውዬው ሊሸጥላቸው እየሞከረ መሆኑን ግን አይጠረጥሩም። ትልቅ ሰው ማስታወቂያ ሲሰማ «ነጋዴ ነው፣ ምን ይበል» ብሎ ግማሹን ይቀንሳል። ልጅ አይቀንስም። የተነገረውን እንዳለ ይወስዳል።

ሁላችንም የምናውቀውን ዓይነት የብስኩት ማስታወቂያ እንይ። ሠላሳ ሰከንድ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ብስኩቱን ይገምጣል። ሙዚቃው ይቀየራል። እጁን ያወጣል፣ ይመልሳል፣ ጓደኞቹ ይከቡታል። እናቱ በር ላይ ቆማ ፈገግ ትላለች። ከዚያ ልጆች የብስኩቱን ስም እየደጋገሙ ይዘምራሉ። ዋጋው አልተነገረም። ስኳሩ ምን ያህል እንደሆነም አልተነገረም። ለአዋቂ ይህ ማጋነን ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ሁለት ነገር ይነግረዋል፤ ይህን የበላ ጎበዝ ይሆናል፣ የምትወድህ እናት ይህን ትገዛልሃለች። ሁለተኛው ነው እኔን የሚያስቆጣኝ። ከማስታወቂያው በኋላ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ መክሰስ ሰዓት አለ። ምሳ ዕቃ ይከፈታል፤ ሁሉም የሁሉንም ያያል። የአንዷ እናት ቆሎ ወይም ድፎ ዳቦ ነው የቋጠረችላት። ቆሎው ለጥርሷም ለሆዷም ከብስኩቱ ይሻል ይሆናል። ግን ማፈር የጀመረችው እሷ ናት።

እዚህ ላይ ነው «ወላጅ እምቢ ይበል» የሚለው ክርክር የሚሳሳው። ማስታወቂያው ወላጁን ለማሳመን አልተሠራም። ልጁ ወላጁን እንዲነዘንዝ ነው የተሠራው። የገበያ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ የልጅ ውትወታ እንደ መሸጫ መንገድ ይታቀድበታል። እቃውን ከሱቁ የታችኛው መደርደሪያ፣ በልጅ ዓይን ትክክል ማስቀመጥም የዚሁ ሥራ አካል ነው። አንድን ወገን ሆን ብሎ አዳክሞ «ውሳኔው የእሱ ነው» ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

ክልከላ ግን ይሠራል ወይ? ይህ የተቃዋሚዎቹ ጠንካራ ጥያቄ ነው። ኩቤክ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ልጆች ድንበር ተሻግሮ የሚመጣውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያዩ ነበር፤ ማስታወቂያው እንዳለ ይደርሳቸዋል። የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ በአብዛኛው የሚያዩት በሕጉ ሥር ያለውን የአገር ውስጥ ጣቢያ ነው። ይህ ልዩነት ለተመራማሪዎች ጥሩ ማነጻጸሪያ ሆነላቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ክልከላው የነካቸው ቤተሰቦች ፈጣን ምግብ የመግዛት ዝንባሌያቸው በ13 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ ገምቷል። ሕጉ ቀዳዳ አለው፤ ማሸጊያውንና የሱቅ መስኮቱን አይነካም። ቺሊ በ2016 ሄዳ የደፈነችው ይህን ቀዳዳ ነው። ስኳር የበዛበት ሲሪያል ካርቶን ላይ የነበረው የካርቱን ነብር እንዲነሣ አድርጋለች።

ወደ እኛ ስንመጣ መርሁ እንግዳ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ቢራ ለጣቢያዎች ትልቅ ገቢ ነበር። ገቢው ቀረ፣ ጣቢያዎቹ ግን እስካሁን አሉ። ስለዚህ የስፖንሰሩን ስጋት ባከብረውም የመጨረሻ ቃል አላደርገውም። ብስኩት ቢራ አይደለም የሚለኝ ይኖራል፤ ልክ ነው። ለዚህም ነው ሙሉ ክልከላ የማልጠይቀው።

የሚያሳስበኝ ስልኩ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ቢያንስ ማስታወቂያ መጀመሩ ይታወቃል። ዩቲዩብ ላይ ልጅ አሻንጉሊት ከካርቶን እያወጣ «ዋው» ሲል ፕሮግራሙ ራሱ ማስታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የዩቲዩብ ባለቤት ጉግል የልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ በመሰብሰብ ተከሶ አሜሪካ ውስጥ 170 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። ማስታወቂያው ልጁን ከኋላ እየተከተለ ምን እንደሚወድ ይመዘግብ ነበር ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ በእናቱ ስልክ የሚያይ ልጅ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ማን ይጠይቃል? እናቱ ወጥ እየሠራች ነው፤ ስልኩን የሰጠችው ዝም እንዲልላት ነው። እሷን መውቀስ ከባድ ነው።

ገበያ ለሚማር ሰው አንድ መፈተኛ ላቅርብ። የሠራኸውን ማስታወቂያ ልጁን አውጥተህ ለእናቱ አቅርበው። ዋጋውን፣ ስኳሩን፣ ጥቅሙን ንገራት። ያኔም ከሸጠ ምርቱ ራሱ ሸጧል፤ ልጁም ቢያየው ብዙ አልጨነቅም። የሚሸጠው ልጁ ሲነዘንዝ ብቻ ከሆነ ግን ያ በጀት መቆረጥ አለበት። ከስምንት ዓመት በታች ያሉትን ደግሞ ምርቱ ምንም ቢሆን በቀጥታ አናናግራቸው። የልጆችን ፕሮግራም ስፖንሰር ማድረግ የሚፈልግ ድርጅት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ስሙን ያስጠራ፤ መሃሉን ለተረቱ ይተው።