ለክሊኒካል ኢንስትራክተር የሥራ መደብ የቀረበ ማመልከቻ

ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ
ለሰው ሀብት አስተዳደር
ደሴ

ጉዳዩ፦ በነርሲንግ ትምህርት ክፍል ለክሊኒካል ኢንስትራክተር የሥራ መደብ ማመልከትን ይመለከታል

ኮሌጁ በሐምሌ ወር መጨረሻ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያወጣውን ክፍት የሥራ መደብ ተመልክቼ ለመወዳደር ይህን ማመልከቻ አቅርቤአለሁ። ዘሃራ ይመር እባላለሁ። በነርስነት 18 ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚህ ውስጥ 13ቱን ዓመት ያገለገልኩት በደሴ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ሲሆን፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ነኝ። በ1999 ዓ.ም. በዲፕሎማ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በማታው መርሐ ግብር በነርሲንግ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄአለሁ። የሙያ ፈቃዴ የታደሰ ነው። ማስረጃዎቼን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

በወረቀት የሚታየው ይህን ያህል ነው። ለምን ማስተማር እንደፈለግሁና ተማሪዎቻችሁ ከእኔ ምን እንደሚያገኙ ግን በዝርዝር ልጻፍላችሁ።

በክፍላችን ተማሪ የሌለበት ወር ጥቂት ነው። ጠዋት ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው በአንድ አልጋ ዙሪያ አሥርና አሥራ ሁለት ሆነው ይቆማሉ። ከፊት ያሉት ሁለቱ ያያሉ፤ ከኋላ ያሉት የጓደኞቻቸውን ጀርባ ያያሉ። ተረኛዋ ነርስ ሃያ ሕመምተኛ ይጠብቃታል፤ ለማስተማር ፍላጎት ቢኖራት እንኳን ጊዜ የላትም። ስለዚህ ተማሪው ከክፍል ያመጣውን ዕውቀት ይዞ ገብቶ፣ እጁን ሳያስለምድ ይወጣል። እኔ ያቅሜን ያህል ይህንን ለማቃናት ስሞክር ዓመታት አልፈዋል። አሁን ግን ከኃላፊነት ሥራዬ ጊዜ እየሰረቅሁ ሳይሆን ሙሉ ጊዜዬን ሰጥቼ መሥራት እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ላንሳ። ባለፈው ዓመት የሕመምተኞችን ቻርት ስመለከት በአንድ ጠዋት የተመዘገበው የሁሉም ሰው ትንፋሽ በደቂቃ 20 ነበር። የሙቀቱና የደም ግፊቱ ቁጥር ከሰው ሰው ይለያያል፤ ትንፋሹ ብቻ የሁሉም 20 ነው። የመዘገበችውን ተማሪ ጠርቼ አልተቆጣኋትም። በመስኮቱ በኩል ወደተኙት አንድ አባት ወሰድኳትና ጣቶቿን የእጃቸው የልብ ምት ላይ እንድታሳርፍ አደረግሁ። የልብ ምት ቆጥራ ስትጨርስ እጇን ሳታነሣ፣ ምንም ሳትናገር፣ አሁን ደረታቸውን እያየች ሙሉ አንድ ደቂቃ እንድትቆጥር ነገርኳት። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣልና፣ እጅ የልብ ምት ላይ የሚቆየው ለዚህ ነው። ቆጥራ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። 34 ነበር። ሐኪሙ ተጠራ፣ ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። ያቺ ተማሪ ከዚያ በኋላ በእኔ ክፍል ባሳለፈቻቸው ሳምንታት 20 ብላ ስትጽፍ በእርግጥ 20 ሆኖ ነበር። ይህ ትምህርት በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይዘልቅም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በእጅና በዓይን የመመርመርን ዋጋ ይበልጥ የተረዳሁት በ2014 ዓ.ም. ነው። በጦርነቱ ወቅት ሆስፒታላችን ተዘርፎ ነበር፤ ተመልሰን ሥራ ስንጀምር የለመድናቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ አልነበሩም። ያለ ሞኒተር ሕመምተኛን መከታተል አይቻልም ብለን የምናስብ ነርሶች ሁሉ ወደ ሰዓትና ወደ ጣታችን ተመለስን። የከንፈርን ቀለም፣ የእግርን እብጠት፣ የእጅን ቅዝቃዜ፣ የሽንትን መጠን ማየት ሥራችን ሆነ። መሣሪያ መኖር አለበት፤ ለዚያም ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ሕመምተኛውን የሚያውቅ ነርስ መኖር እንዳለበት የማስተምራቸው ተማሪዎች ሁሉ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

ስለ ራሴ ስህተትም መናገር ይገባኛል፤ ምክንያቱም የማስተምርበት መንገድ ከእሱ የመጣ ነው። ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በሌላ ቦታ ሳለሁ፣ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት እናቶች በአንድ ክፍል ተኝተው ነበር። መድኃኒት ይዤ ሄድኩና የአንደኛዋን ስም ጠርቼ «እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው። እናትየው «አዎ ልጄ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። መድኃኒቱ የዚያኛዋ ነበር። ወዲያው አውቄው ለሐኪሙ ተናገርኩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ከጎናቸው ሆኜ ስከታተል አደርኩ። ምንም ጉዳት ሳይደርስባቸው ወጡ። እሳቸው ግን አልዋሹም፤ ስማቸው በእርግጥ ያ ነበር። ባይሆንስ ኖሮ እንኳን የኛ አገር አዛውንት ነጭ የለበሰ ሰው ሲጠይቃቸው «አዎ» ማለት ይቀናቸዋል፤ አክብሮት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም ሰው ስሙን ጠርቼ «እርስዎ ነዎት?» ብዬ አልጠይቅም። «ስምዎን ከነአባትዎ ከነአያትዎ ይንገሩኝ» እላለሁ፤ የሚሉኝን ከካርድ ቁጥሩ ጋር አስተያያለሁ። ትክክለኛው ሕመምተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት የሚለውን ተማሪ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያውን እንዴት አድርጎ እንደሚያረጋግጥ ግን በአልጋው አጠገብ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል።

ሌላው የሚያሳስበኝ ንግግር ነው። ተማሪዎች የበሽታውንና የመድኃኒቱን ስም በእንግሊዝኛ አጥርተው ይናገራሉ፤ ለሕመምተኛው በአማርኛ ሲያስረዱ ግን ይቸገራሉ። የስኳር ሕመምተኛ የሆነ የገጠር ሰው ሊወጣ ሲል «ኢንሱሊኑን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ» ብሎ የሚያሰናብት ተማሪ አጋጥሞኛል፤ ሰውየው ቤት መብራት የለም። በእርጥብ አሸዋ መሃል በተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ከፀሐይና ከእሳት ርቆ፣ ጥላ ባለበት እንደሚያስቀምጥ ማሳየት ይቻላል። እኔ ተማሪው ይህን ካስረዳ በኋላ ሕመምተኛው መልሶ በራሱ አንደበት እንዲነግረው አደርጋለሁ። መልሶ ካልተናገረ አልገባውም ማለት ነው፤ ያላስረዳው ደግሞ ተማሪው ነው። ተወልጄ ያደግሁት ኬሚሴ በመሆኑ ኦሮምኛ እናገራለሁ። ወደ ደሴ ለሚመጡት ኦሮምኛ ተናጋሪ ሕመምተኞች ሁልጊዜ አስተርጓሚ ዘመድ ማፈላለግ ተገቢ አለመሆኑን ተማሪዎች እንዲረዱ፣ ቢያንስ «የት ነው የሚያምዎት?» ማለትን እንዲያውቁ አግዛቸዋለሁ።

ሥራው ቢሰጠኝ የማደርገውን በግልጽ ላስቀምጥ። ተማሪዎችን ለአንድ አልጋ ከአምስት በማይበልጥ ቡድን ከፋፍዬ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት አንድ ሕመምተኛ ከገባበት እስከሚወጣበት እንዲከታተል አደርጋለሁ፤ ጠዋት በርክክብ ሰዓት ስለዚያ ሕመምተኛ የሚያስረክበው እሱ ነው። ካኑላ መክፈት፣ ካቴተር ማስገባት፣ ቁስል ማጠብና የመሳሰሉት አስቀድሞ በኮሌጁ የክህሎት ቤተ ሙከራ በሞዴል ላይ ተለማምዶ፣ በማረጋገጫ ቅጽ ታይቶ ካለፈ በኋላ ብቻ ወደ ሰው አካል ይሄዳል። ሎግቡክ ላይ ደግሞ ያላየሁትን አልፈርምም። ከተለያዩ ተቋማት የሚመጡ ተማሪዎች የልምምዳቸው የመጨረሻ ቀን ላይ ደብተራቸውን ተሸክመው በየኮሪደሩ ፊርማ ሲለምኑ አይቻለሁ፤ ከአሁን በፊት እኔም ተለምኜ አውቃለሁ። ያለ ዕይታ የተሰጠ ፊርማ አንድ ቀን ሰው ላይ የሚያርፍ ነው። በዚህ ጉዳይ የኮሌጁ አመራር ከጎኔ እንደሚቆም ተስፋ አደርጋለሁ፤ አስቸጋሪ ከሆነም አስቀድመን ብንነጋገርበት እመርጣለሁ።

የሚጎድለኝን ደግሞ መሸሸግ አልፈልግም። የሁለተኛ ዲግሪ የለኝም። ማስታወቂያው የመጀመሪያ ዲግሪና የአራት ዓመት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ መስፈርቱን አሟላለሁ፤ ሆኖም ከእኔ የበለጠ የትምህርት ደረጃ ያላቸው አመልካቾች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። የማስተማር ሥልጠና የወሰድኩት በሆስፒታል ውስጥ ለአዳዲስ ነርሶች ማለማመጃ በተሰጠ አጭር ኮርስ ነው። የትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀትንና የምዘና ሥርዓትን ከእናንተ መምህራን ለመማር ዝግጁ ነኝ፤ የተዘጋጀ ፈተና መስጠትና ማረም ብዙም አልለመድኩም። በምትኩ ይዤ የምመጣው የሕመምተኛውን አልጋ፣ የተረኛዋን ነርስ ጫናና የሌሊቱን ሥራ የሚያውቅ ሰው ልምድ ነው። ከክፍላችን ነርሶች፣ ሐኪሞችና የፋርማሲ ባለሙያዎች ጋር ለረጅም ጊዜ ስለምንተዋወቅ፣ ተማሪዎች ወደ ክፍሉ ሲገቡ እንግዳ ሳይሆኑ የሥራው አካል ሆነው እንዲቀበሏቸው ማስተባበር እችላለሁ።

አሁን የምሠራበትን መደብ በሥርዓት ለማስረከብ የአንድ ወር ጊዜ ያስፈልገኛል፤ ስለዚህ ብመረጥ በመስከረም አጋማሽ ሥራ መጀመር እችላለሁ። የተግባር ፈተና ለመስጠት ብታስቡ ደስ ይለኛል፤ ጥቂት ተማሪዎችን ይዤ በአልጋ አጠገብ ለአንድ ሰዓት ሳስተምር ብትመለከቱኝ ከዚህ ደብዳቤ የተሻለ ትፈርዱኛላችሁ። ለቃለ መጠይቅ ከምሽት ተራዬ በስተቀር በማንኛውም ቀን እቀርባለሁ። ስልክ ቁጥሬ በተያያዘው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ሰፍሯል።

አያይዤ ያቀረብኳቸው፦ የሕይወት ታሪክ ቅጽ 2 ገጽ፣ የዲፕሎማና የዲግሪ ማስረጃ ከነትራንስክሪፕቱ፣ የታደሰ የሙያ ፈቃድ፣ ከመሥሪያ ቤቴ የተሰጠ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ የሥልጠና የምስክር ወረቀት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

ሲስተር ዘሃራ ይመር አበጋዝ
ደሴ