አምስት ቀስት፣ ሦስት ፎርስ

ቤቲዬ፣ ተዳፋት ላይ በቆመው ሣጥን ላይ ፍሪክሽኑ ስንት ነው የሚለው የፊዚክስ ጥያቄሽ ፎቶ ደርሶኛል። ጥጉ ላይ የጣትሽ ጥላ አርፎበታል እንጂ ሥዕሉም ጥያቄውም በደንብ ይነበባል። ይሄን ስታነቢ ገጹን አጠገብሽ ዘርጊው።

ለጊዜው ጽሑፉን ተይውና ሥዕሉን ብቻ እዪ። ተዳፋት ላይ የቆመ ሣጥን ነው። ተዳፋቱ ከመሬቱ ጋር የሚሠራው አንግል θ ነው፤ ጥያቄው 30° ብሎ ሰጥቶሻል። አሁን ከሣጥኑ የሚወጡትን ቀስቶች ቁጠሪ። አምስት ናቸው አይደል? ሣጥኑ ላይ ያሉት ፎርሶች ግን ሦስት ብቻ ናቸው። በእርሳስ የሠራሽውን አየሁት፤ አምስቱንም ደምረሻቸዋል። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ጋ ነው።

ሦስቱ በድፍን መስመር የተሳሉት ናቸው። W ክብደቱ ነው። ተዳፋቱ የፈለገውን ያህል ቢያዘነብል W ሁሌም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው። N ወለሉ ሣጥኑን መልሶ የሚገፋበት ነው፤ ከወለሉ ጋር 90° ይሠራል፣ ስለዚህ እሱ ከተዳፋቱ ጋር አብሮ ያዘነብላል። f ደግሞ ፍሪክሽን ነው። ሣጥኑ ቁልቁል መንሸራተት ስለሚፈልግ f ሽቅብ ይይዘዋል።

የቀሩት ሁለቱ፣ W sin θ እና W cos θ፣ በተቆራረጠ መስመር ነው የተሳሉት። እነሱ አዲስ ፎርስ አይደሉም፤ ያው W ለሁለት ተከፍሎ ነው። ልክ 100 ብር ወደ ሁለት ሃምሳ ብር እንደ መዘርዘር ነው፤ መቶውንም ሁለቱን ሃምሳም አብረሽ ብትቆጥሪ ሁለት መቶ አይኖርሽም። ስለዚህ ሁለቱን ስትጠቀሚ W ላይ ሰረዝ አድርጊበት።

«sin የቱ ጋ፣ cos የቱ ጋ ነው?» ላልሽው አትሸምድጂ። θን ዜሮ አድርጊና ሞክሪ። ወለሉ ሜዳ ሆነ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ያለ ሣጥን ቁልቁል የሚጎትተው የለም። sin 0 = 0 ነው፣ ስለዚህ ቁልቁል የሚጎትተው W sin θ ነው። cos 0 = 1 ስለሆነ ደግሞ ወለሉን የሚጫነው W cos θ ነው። ፈተና ላይ ብትረሺ እንኳ በአምስት ሰከንድ መልሰሽ ታገኝዋለሽ።

በነገራችን ላይ ሠዓሊው Nን ከW እኩል አርዝሞ ስሎታል። ይሄ ያሳስታል። N ማጠር ነበረበት፤ ለምን እንደሆነ ከቁጥሩ ታዪዋለሽ።

m = 4 kg ነው፣ g = 10 m/s² ውሰጂ።

W = 40 N
W sin 30° = 20 N
W cos 30° = 34.6 N

ሣጥኑ ወለሉን ሰርጎ አይገባም፣ ተነስቶም አይበርም። ስለዚህ N = 34.6 N። 40 አይደለም።

አሁን ወደ f እንምጣ። አንቺ የፍሪክሽን ኮፊሸንቱን μ = 0.7 የሚለውን አይተሽ f = 0.7 × 34.6 = 24.2 N ብለሻል። ስሌቱ ልክ ነው፣ መልሱ ግን አይደለም። እስቲ አስቢው፦ ቁልቁል 20፣ ሽቅብ 24.2 ከሆነ ሣጥኑ ማንም ሳይነካው ተዳፋቱን ሊወጣ ነው! 24.2 የቆመ ሣጥን ላይ ፍሪክሽን ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ፍሪክሽን የሚያወጣው ለማቆም የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። ሣጥኑ ቆሟል፣ ቁልቁል የሚጎትተው 20 ነው፣ ስለዚህ f = 20 N። የጣሪያው ሥራ «ይቆማል ወይስ ይንሸራተታል?» ለሚለው መልስ መስጠት ነው። 20 ከ24.2 ያንሳል፣ ስለዚህ ይቆማል።

ካላመንሽኝ ላጲስሽን መጽሐፉ ላይ አስቀምጪና መጽሐፉን በአንድ በኩል ቀስ እያልሽ አንሺው። የሆነ ቦታ ድረስ ንቅንቅ አይልም፣ ከዚያ ድንገት ሸርተት ይላል። መንሸራተት በሚጀምርበት አንግል tan θ = μ ነው። ለጥያቄው ሣጥን ይሄ 35° አካባቢ ነው። ክብደቱ ምንም ለውጥ አያመጣም፣ mg በሁለቱም በኩል ስላለ ይሰረዛል።

ተራ ቁጥር ለ ላይ θ ወደ 40° ከፍ ብሏል፣ ሲንሸራተት የሚሠራው μ ደግሞ 0.5 ተሰጥቷል። መጀመሪያ በ0.7 ጣሪያውን አውጪና ይንሸራተት እንደሆነ አረጋግጪ፤ ከዚያ ወዲህ በ0.5 ሥሪ። N እንደ አዲስ መሠራት አለበት፣ 34.6 እንዳትጠቀሚ። አክስለሬሽኑ 2.6 m/s² አካባቢ ከመጣልሽ ልክ ነሽ። ካልመጣ የሠራሽበትን ወረቀት ላኪልኝ፣ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ አየዋለሁ።