የኦዲት ኮሚቴ 3ኛ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀንና ሰዓት፦ ማክሰኞ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00
የተገኙ፦ ሰብሳቢው፣ ሁለት አባላት፣ የውስጥ ኦዲት ኃላፊ (ጸሐፊ)
በጥሪ የተገኙ፦ የፋይናንስ፣ የግዥና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኃላፊዎች
ያልተገኙ፦ አንድ አባል (አስቀድመው አሳውቀዋል)

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጦ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ጸድቋል።

አጀንዳ 1፦ የ2ኛው ሩብ ዓመት የኦዲት ግኝቶች

1.1 ግዥን መከፋፈል (ስጋት፦ ከፍተኛ)
የፕሪንተር ቀለም ግዥ በተከታታይ ቁጥር 0412፣ 0413 እና 0414 በሦስት መጠየቂያዎች በአንድ ቀን ተጠይቆ፣ ከአንድ አቅራቢ ያለ ጨረታ ተፈጽሟል። እያንዳንዱ ከጨረታ ጣሪያው በታች ሲሆን ሲደመሩ ግን ያልፋሉ።

*የማኔጅመንት ምላሽ፦* ጥያቄው ከሦስት የሥራ ክፍሎች የመጣ አስቸኳይ ፍላጎት ነው፤ ሆን ተብሎ አልተከፋፈለም።

አንድ አባል፣ ፍላጎቱ የተለያየ ከሆነ ዕቃው እንዴት በአንድ መረከቢያ ሰነድ ገባ ሲሉ ጠይቀዋል። የግዥ ኃላፊው ርክክቡ በአንድ ጊዜ መፈጸሙን አምነው፣ የሥራ ክፍሎች ዓመታዊ የግዥ ዕቅድ በወቅቱ እንደማይልኩ አስረድተዋል። ኮሚቴው «ሆን ተብሎ» የሚለው በማስረጃ ስላልተደገፈ ከሪፖርቱ እንዲወጣ፣ ግኝቱ ግን ከነስጋት ደረጃው እንዲጸና ወስኗል። የተጠቃለለ የግዥ ዕቅድ እስከ የካቲት 14 ይቀርባል። *ኃላፊ፦* ግዥ።

1.2 የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ (ስጋት፦ መካከለኛ)
የኅዳርን ማስታረቂያ ያዘጋጀውና ያጸደቀው አንድ ሠራተኛ ነው። ማኔጅመንት ግኝቱን ተቀብሎ ምክንያቱ ክፍት የሥራ መደብ መሆኑን ገልጿል። መደቡ እስኪሟላ ፋይናንስ ኃላፊው ራሳቸው ያጸድቃሉ፤ የጥር ወር ማስታረቂያ እስከ የካቲት 14 ይታያል።

አጀንዳ 2፦ ያለፉ ግኝቶች ክትትል

ከ9 ግኝቶች 6ቱ በማስረጃ ተዘግተዋል፤ አንዱ የጊዜ ገደቡ አልደረሰም። የቀሩት ሁለቱ አከራክረዋል።

የለቀቁ ሠራተኞች የሲስተም መግቢያ፦ ማኔጅመንት «ተስተካክሏል» ብሎ በጽሑፍ አሳውቆ ነበር። ኦዲት ሲያጣራ ከ7ቱ መግቢያዎች 2ቱ ክፍት ናቸው፤ በአንዱ ባለቤቱ ከለቀቀ በኋላ ገብተውበታል። ሰብሳቢው፣ ከእንግዲህ ማኔጅመንት ተስተካክሏል ስላለ ብቻ ግኝት እንደማይዘጋ አሳስበዋል። ግኝቱ በድጋሚ ተከፍቷል። ሁለቱ መግቢያዎች ዛሬውኑ ይዘጋሉ፤ ማን እንደገባና ምን እንደሠራ የሚያሳይ ሪፖርት እስከ የካቲት 7 ለኮሚቴው ይቀርባል። *ኃላፊ፦* ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ።

ያልተወራረደ የጉዞ ቅድሚያ ክፍያ፦ ፋይናንስ ለ3ኛ ጊዜ ማራዘሚያ ጠይቋል። ኮሚቴው አልተቀበለውም። እስከ የካቲት 30 ያላወራረዱ ሠራተኞች ዝርዝር፣ በመመሪያው መሠረት ከተወሰደው እርምጃ ጋር ለቦርዱ ይላካል።

ቀጣይ ስብሰባ፦ ማክሰኞ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00። የማስረጃ ሰነዶች ከአምስት የሥራ ቀናት በፊት ለጸሐፊው ይደርሳሉ።

ስብሰባው 5፡40 ላይ ተጠናቋል።