የአሞራ ገደሉ ሹት፡ ካፕሽንና ታግ

ወንድሜ፣ የቅዳሜውን አጣርቼ አምስት አስቀርቻለሁ። ስትጭን የታጉን ቅደም ተከተል እንዳታምታታው፣ አዶቤ ስቶክ ላይ ፊት ያሉት ናቸው ሚመዝኑት።

ፎቶ 1
ካፕሽን፡ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ንጋት ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀምጠው የተቀደደ መረብ ሲጠግኑ፣ አንዱ ወጥሮ ይይዛል ሌላው ይሰፋል
ታግ፡ መተጋገዝ፣ የቡድን ሥራ፣ መረብ፣ ኔትወርክ፣ ግንኙነት፣ የተቋረጠ ግንኙነት፣ ጥገና፣ መተማመን፣ ትዕግሥት፣ ዝግጅት፣ የእጅ ሥራ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ንጋት፣ ሐይቅ፣ ሐዋሳ፣ ኢትዮጵያ

ይሄ የዙሩ ምርጥ ነው። መረብ ስንል እኮ ዓሣውም ኢንተርኔቱም ነው፣ ስለዚህ የቴሌኮም ማስታወቂያ የሚሰራ ሰው "የተቋረጠ ግንኙነት" ብሎ ሲፈልግ ከተበጠሰ ኬብል ፎቶ ይልቅ እነዚህን ሰዎች ቢያገኝ ደስ አይለውም? "ስኬት" ግን አላልኩም፣ ገና ምንም አልያዙማ።

ፎቶ 2
ካፕሽን፡ አባ ኮዳዎች ዓሣ የሚበልት ሰው ዙሪያ ቆመው ትርፍራፊ ሲጠብቁ፣ አሞራ ገደል
ታግ፡ መጠበቅ፣ ወረፋ፣ ተስፋ ማድረግ፣ ጥገኝነት፣ ፉክክር፣ ስብሰባ፣ ቦርድ፣ ቀልድ፣ አባ ኮዳ፣ ወፍ፣ ዓሣ

ስብሰባና ቦርድ ያልኩት ኮት የደረቡ መላጣ ሽማግሌዎች ስለሚመስሉ ነው፣ ስቀህ እንዳታጠፋው።

ፎቶ 3
ካፕሽን፡ የባጃጅ ሹፌር ማታ ወንበሩ ላይ ሆኖ የቀን ገቢውን ሲቆጥር
ታግ፡ ቁጠባ፣ በጀት፣ የቀን ገቢ፣ የግል ሥራ፣ ድካም፣ እፎይታ፣ የቤት ወጪ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ብር፣ ባጃጅ፣ ሹፌር፣ ማታ

ሪሊዝ ፈርሟል፣ ለማስታወቂያ ይሆናል። ታርጋውን ግን አጥፋው።

ፎቶ 4
ካፕሽን፡ ልጅ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ሐይቁን ሲያይ፣ ከኋላ
ታግ፡ አባትነት፣ ደህንነት፣ የቤተሰብ ኢንሹራንስ፣ የነገ ተስፋ፣ ትውልድ፣ አደራ፣ ባዶ ቦታ ለጽሑፍ፣ አባትና ልጅ፣ ሐይቅ

ባለፈው ዙር የልጅ ፎቶ ላይ "ድህነት" የሚል ታግ አግኝቼ ተናድጃለሁ። ልጁ ባዶ እግሩን ስለሆነ ብቻ? ውሃ ዳር ማን ጫማ ያደርጋል። እዚህ እንዳትጨምረው፣ አባትየው የፈረመልን ለዚህ አይደለም።

ፎቶ 5፣ ኤዲቶሪያል ብቻ
ካፕሽን፡ ሐዋሳ፣ ኢትዮጵያ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፡ ገዢዎች አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ ሲመርጡ
ታግ፡ ገበያ፣ ንግድ፣ ክርክር፣ ዋጋ፣ ኑሮ፣ ቆሮሶ፣ ዓሣ፣ ሐዋሳ

ሰዉ ብዙ ነው፣ ማንም አልፈረመም፣ አንዱ ቲሸርት ላይም የቢራ ሎጎ አለ። እንደ ዜና ነው ሚሸጠው፣ ስለዚህ ካፕሽኑ ቦታና ቀን ይናገር እንጂ አይቀኝ። ኮንሰፕቱን የተውኩት ታጉ ውስጥ ነው፣ "ክርክር" ማለቴ ሴትዮዋ እጇን አንስታ ዋጋ ስታስቀንስ በደንብ ስለሚታይ ነው።

ሹተርስቶክ እስከ 50 ታግ ይፈቅዳል ብለህ መሙላት አትጀምር፣ ፎቶው ውስጥ የሌለ ነገር ፈልጎ የመጣ ገዢ አይቶ ያልፋል። 3ኛውን ታርጋው ከጠፋ በኋላ ላክልኝ፣ ሌላውን ዛሬ ማታ ጫነው።