እማማ እና ደብል አምስት

ቢኒ ዶሚኖ ላይ ቀልድ አያውቅም። ጠጠር ሲጥል ጠረጴዛው ይዘላል፣ ሲኒው ይንጫጫል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተራው የማን እንደሆነ ይሰማል። ለክረምት ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ከመጣ ጀምሮ የሰፈሩን ልጆች አንድ በአንድ ሲዘርር ከርሞ፣ የቀረችው እማማ ብቻ ሆነች።

«ነይ እስቲ እማማ፣ ላስተምርሽ።»

ይቺ ሴትዮ ባሏ ምድር ባቡር እያለ፣ ማታ ማታ ግቢው ውስጥ ዶሚኖ ለሚጫወቱት ጓደኞቹ ቡና ስታፈላ የኖረች ናት። ሲኒ ልታቀርብ ከኋላቸው ስትዞር ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትዞረው? ለቢኒ ግን ይህን የነገረው የለም። እኔም አልነገርኩትም፣ እውነቱን ለመናገር ሲሸነፍ ማየት አምሮኝ ነበር።

ውርርዱ ቀላል ነው፤ የተሸነፈ ሱቅ ሄዶ ቀዝቃዛ ውሃ ይገዛል። ቀላል ያልኩት የድሬን የቀን ሙቀት ለማያውቅ ነው።

ሰባት ሰባት ጠጠር ያዙ፣ አሥራ አራቱ ተደፍቶ ቀረ። እሱ እያንኳኳ፣ እሷ ሳትቸኩል በጣቷ ገፋ እያደረገች ይጫወታሉ። በግራ እጇ መቁጠሪያዋን ይዛለች፣ ከንፈሯም አልፎ አልፎ ይንቀሳቀሳል።

«ጸልዪ፣ ጸልዪ፣ ያስፈልግሻል!» አላት።

እኔ ግን አጠገቧ ስለነበርኩ ዶቃውን አየሁት። የምታሳልፈው አምስት ያለበት ጠጠር ሲወርድ ብቻ ነው።

ቢኒ አንድ ጠጠር ቀረው። እማማ ሁለት አላት፤ ደብል አምስትና አምስት ለሁለት። ጠረጴዛው ላይ አንዱ ጫፍ አምስት፣ ሌላው ሁለት ነው። ልጁ እጁን አንስቶ ሊያሳርፍ ተዘጋጅቷል፣ ሁለት ያለበት ጠጠር እንደያዘ ፊቱ ላይ ተጽፏል። እኔ ብሆን ደብሉን ነበር የምጥለው፣ ሁሉም ሰው ከባዱን ቶሎ ነው የሚያወርደው። እሷ አምስት ለሁለትን ቀስ አድርጋ ሁለቱ ላይ ገጠመችው። በቃ፣ ግራም ቀኝም አምስት ሆነ።

«ተራህ ነው፣ የኔ ጌታ።»

ከተደፋው አነሳ፣ የለም። ደግሞ አነሳ፣ የለም። እስከዚያ ካነሱት የተረፉትን ዘጠኙንም ለቅሞ ጨረሰ፤ መዳፉ አልበቃ ብሎት ጠጠሩን ጭኑ ላይ ደረደረው፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ አምስት ጠፋ። እማማ ደብሏን አስቀምጣ እጇን አራገፈች።

«ዕድል ነው!» አለ ቢኒ።

«የምን ዕድል? የእያንዳንዱ ቁጥር ሰባት ሰባት ጠጠር ነው። የአምስት ስድስቱ እዚህ ተኝቷል። ሰባተኛው እኔ ጋ ነው። አንተ ምን ልታነሳ ነው የምትቆፍረው?»

«ቆይ፣ ስትጸልዪ አልነበረም እንዴ?»

«ጠዋት ጸልያለሁ።»

«አንድ ጊዜ ድገሚልኝ፣ በእናትሽ!»

«መጀመሪያ ውሃው ይምጣ» አለችና ከመቀነቷ ብር ፈትታ ሰጠችው። «መልሱንም ቆጥረህ ተቀበል።»